ባለ 17 ጥርሷ ሞተር ሳይክል ለምን ቀሰስተኛ ሆነች?

ኅዳር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ጅማ መርካቶ አካባቢ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ጉልበቷ አልቋል፣ ፒስተኗ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። ፊቱ ላይ ድካም ይታያል። ማር ነጋዴ ነው። ከጅማ ተነስቶ በአስፋልት እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፣ ከዚያ ወደ ጌራ አቅጣጫ ይቀጥልና ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ጠጠር ዳገት ይወጣል። ሲመለስ ከኋላው ሁለት ጀሪካን ማር አለ፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ። ይህን በሳምንት ሁለቴ ያደርጋል፣ ኑሮውም ይኸው ነው።

ሞተሯ ባለ 150 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ አምስት ማርሽ ናት። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው ጅማ ላይ። ከመክፈቴ በፊት ጠየቅኩት፤ "በቅርቡ ምን ነካችኋት?" አልኩት። "ምንም" አለ መጀመሪያ። ትንሽ ቆይቶ ነው ትዝ ያለው። ካቴናው አልቆ ሲያስቀይር፣ ዕቃ የሸጠለት ሰው "ካቴናው የሚዞርበትን የፊቱን ጥርስ ከ15 ወደ 17 አድርገው፣ ፍጥነት ትጨምራለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለች" ብሎት ነበር። እሱም አደረገ። ለአስፋልቱ ብሎ።

ፒስተኑ ደህና ነበር። ግፊቱን ለካሁት፣ ቫልቩን አየሁ፣ ሻማውን አየሁ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ምንም የለባትም። ያላት ችግር እነዚያ ሁለት ትርፍ ጥርሶች ብቻ ነበሩ። የሻጩ ምክር ደግሞ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ የሰማሁት፣ በወረቀት ላይ ትክክል የሚመስል ምክር ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንመልከተው አልኩት።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ሞተሩ ሲዞር ጎማው እኩል አይዞርም። በመሃል ሦስት ቦታ ላይ ዙሩ ይቀየራል። አንደኛው ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮን ሲያልፍ ነው፣ የሷ 4.055 ነው፤ ሞተሩ 4.055 ጊዜ ሲዞር ፍሪሲዮኑ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሁለተኛው ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ ነው። አንደኛ ማርሽ 2.769፣ ሁለተኛ 1.882፣ ሦስተኛ 1.400፣ አራተኛ 1.130፣ አምስተኛ 0.960። ሦስተኛውና የመጨረሻው ካቴናው ነው። የኋላው ጥርስ 38 ነው፣ የፊቱ 15 ነበር፤ 38 ለ15 ሲካፈል 2.533 ይሆናል። ሦስቱ ሲባዙ ሞተሩ ስንቴ ዞሮ ጎማው አንዴ እንደሚዞር ይነግሩናል። በአምስተኛ ማርሽ እንዲህ ነው፦

```
15 ጥርስ፦ 4.055 × 0.960 × 2.533 = 9.86
17 ጥርስ፦ 4.055 × 0.960 × 2.235 = 8.70
```

ቁጥሩ ሲያንስ ሞተሩ በአንድ ዙር ጎማውን ብዙ ያስኬደዋል። በአንጻሩ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚህ ማምለጫ የለም። ጥርስ ጉልበት አይፈጥርም፣ ያለውን ጉልበት በዙር ይለውጣል እንጂ። በዝግታ ዞረህ በጉልበት ትገፋለህ፣ ወይ ፈጥነህ ዞረህ በለስላሳው ትገፋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፊቱን ጥርስ ስትቀይር አምስቱም ማርሽ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ጉልበቱ ሲሶ ገደማ ይወድቃል። ይህ ክፍተት ካምቢዮው ሲሠራ የተወሰነ ነው፣ በካቴና አይሞላም። የአክስቴ ልጅ የወደቀውም እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የሞተሯ መመሪያ ከፍተኛው ኃይል 8.5 ኪሎዋት በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ ነው ይላል። የኋላ ጎማዋ ባለ 18 ሲሆን አንዴ ሲዞር 1.9 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ15 ጥርስ፣ በአምስተኛ ማርሽ፣ 8,000 ዙር ላይ ስናሰላው 92 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ይወጣል። በ17 ጥርስ ደግሞ ወደ 105። ሻጩ ያየው ይህን ነው። 105 ከ92 ይበልጣል፣ ስለዚህ ትፈጥናለች።

ችግሩ ሞተሯ 105 ላይ 8,000 ዙር መድረስ አለመቻሏ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል በጣም ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ ለነፋሱ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ጃኬቱ በነፋስ እየተነፋ፣ በዚህ ኃይል 94 አካባቢ ሲደርስ ሞተሯ ያላትን ሁሉ ጨርሳለች። ከዚያ በላይ የሚገፋ የለም። የትኛውም ጥርስ ይህን አይቀይረውም። ጥሩው ጥርስ ሞተሩ ያንን 94 የሚደርሰው ልክ ከፍተኛ ኃይሉ ባለበት ዙር ላይ እንዲሆን የሚያደርገው ነው። 15ቱ ይህን ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ከከተማ ወጥተን በሜዳው አስፋልት ላይ ለካን። ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ፣ ዙሩን በሞተር ሳይክሏ የዙር ሰዓት። (የሷ የፍጥነት ሰዓት ገመዱ ከፊት ጎማ ስለሚነሳ በካቴና ጥርስ አይዛባም። ከካምቢዮ የሚነሳ ከሆነ ግን ጥርስ ስትቀይር ሰዓቱም ይዋሻል።) በ17 ጥርስ፣ በአምስተኛ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ 89 ላይ ቆመች። ዙሩ 6,800 ነበር። ከ8,000 በጣም ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ወደ አራተኛ መለሳት፣ 92 ገባች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠለት። "በአራተኛ በአምስተኛ ከምሄደው በላይ እሄዳለሁ?" አለኝ። አዎ። ሒሳቡን ብታዩት አራተኛ ማርሽ በ17 ጥርስ 10.24 ነው፣ አምስተኛ ማርሽ በ15 ጥርስ ደግሞ 9.86 ነበር። ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም። አዲሱ አራተኛ የድሮው አምስተኛ ሆኗል፣ አዲሱ አምስተኛ ደግሞ ሞተሯ ልትሸከመው የማትችለው ማርሽ ነው። ቁልቁለት ላይ ካልሆነ ወይ ነፋስ ከኋላ ካልገፋ አትጠቀምበትም። ባለ አምስት ማርሽ ሞተር ሳይክል በገንዘቡ ባለ አራት አደረጋት ማለት ነው።

ይህ ሙከራ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ነው። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በመጨረሻው ማርሽ ጋዙን ሙሉ ስጥና ጠብቅ። ዙሩ መመሪያው ለከፍተኛ ኃይል ከሚለው በብዙ ዝቅ ብሎ ከቆመ፣ ወይም አንድ ማርሽ ስትቀንስ እኩል ወይም የበለጠ ከሄድክ፣ ጥርስህ ለሞተሩ ከብዶታል። ዙሩ ከዚያ በላይ አልፎ እየጮኸ ከቆመ ደግሞ ቀሎታል።

ቀጥሎ ዳገቱ። ልቡን የሰበረው እሱ ነበር።

ሰውዬው 70 ኪሎ፣ ሞተር ሳይክሏ 125፣ ማሩ 60፤ በድምሩ 255 ኪሎ። ከገበሬው ቤት ሲወጣ፣ ማሩን ጭኖ፣ የሚያልፈው አንድ ዳገት አለ። በስልክ ከፍታ ለክተነው በ100 ሜትር 15 ሜትር ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ጎማው በ38 ኪሎ ያህል መግፋት አለበት፣ ለጠጠሩና ለጎማው መጨናነቅ ደግሞ ሌላ 10 ኪሎ ጨምሩ። 48 ኪሎ ግፊት።

ሞተሯ ምን ትሰጣለች? ከፍተኛው የማዞር ጉልበቷ በመመሪያው 10.6 ኒውተን ሜትር ነው፣ በ6,500 ዙር። ይህ ቁጥር ግን ባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 16 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ካርቡሬተር ያላት ሞተር ደግሞ አየር ሲሳሳባት ጉልበቷም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፣ ምክንያቱም የሳሳው አየር ከፊትም ሲመጣ ቀለል ብሎ ነው የሚቃወመው፤ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ዳገት ላይ ግን ማካካሻ የለም። 255 ኪሎ በየትኛውም ከፍታ 255 ኪሎ ነው። ለዚህ ነው እኛ አገር ከፋብሪካ የመጣው ጥርስ በሜዳ በቂ ሆኖ ዳገት ላይ የሚጠብበን።

ይህን ቀንሰን፣ በካቴናና በካምቢዮ የሚጠፋውንም አንድ አስረኛ አውጥተን ስናሰላ፣ በሁለተኛ ማርሽ በ15 ጥርስ ጎማው ላይ 52 ኪሎ ግፊት ይደርሳል። ለ48ቱ ይበቃል፣ ጠባብ ቢሆንም ይበቃል። በ17 ጥርስ 46 ይሆናል። አይበቃም። ሁለት ኪሎ ብቻ ጎደለ፣ ግን ሁለት ኪሎ ጎድሎ ዳገት አይወጣም። ዙሩ ይወርዳል፣ ሞተሯ ታለቅሳለች፣ ሊጠፋበት ሲል ወደ አንደኛ ይመልሳል። አንደኛ ማርሽ በ17 ጥርስ 68 ኪሎ ይገፋል፣ ከሚፈለገው በጣም ይተርፋል፣ ግን ፍጥነቱ በዚያው 6,500 ዙር 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በሁለተኛ በ38 ይወጣው የነበረውን ነው። ቅድም ያልኩት ክፍተት ይህ ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል የሚገባ ማርሽ የለም፣ ስለዚህ ትንሽ ጉልበት ሲጎድል ቅጣቱ ትንሽ አይሆንም፣ አንድ ሙሉ ማርሽ ነው።

ለዚህ ነው "ጉልበቷ አልቋል" ያለኝ። ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል። ፒስተን ያለቀባት ሞተርም እንዲሁ ታደርጋለች። ልዩነቱን የምትለዩበት መንገድ ግን አለ፤ ፒስተን ካለቀ በአንደኛም ደካማ ናት፣ ዘይት ትበላለች፣ ጭሷም ይሰማያዊያል። የሷ ግን በአንደኛ ማርሽ ደህና ትስባለች፣ ጭስ የላትም፣ ዘይቷ አልጎደለም። ደግሞ ድክመቱ ቀስ በቀስ አልመጣም፣ ካቴናው በተቀየረ ማግስት ነው የጀመረው። ይህን ሰዓት ሰጥቶ መጠየቅ ሞተር ከመክፈት ይሻላል፣ በርካታ ሞተር ያለ ጥፋቱ ሲከፈት አይቻለሁና።

ቤንዚኑስ? ሻጩ ትቆጥባለች ብሎ ነበር። ከፊል እውነት አለው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አስፋልት ላይ ስትሄድ በ15 ጥርስ ሞተሩ በደቂቃ 5,190 ዙር ይዞራል፣ በ17 ደግሞ 4,580። 12 በመቶ ቀንሷል። ይህ ማለት ግን ቤንዚኑ 12 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ነፋሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ሥራ ያው ነው፣ አልተቀየረም። የቀነሰው ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያባክነው ነው፤ የፒስተኑ መፋተግ፣ ዘይቱን ማናወጥ፣ በግማሽ በተዘጋ ካርቡሬተር አየር የመሳብ ድካም። ታንከሯን እስከ አፏ ሞልተን ጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ፣ ባዶዋን፣ በ60 ፍጥነት እንዲነዳ አደረግኩት፣ ሲመለስ ደግሞ እስከ አፏ ሞልተን የገባውን ለካን። በ17 ጥርስ 2.0 ሊትር ፈጀች። በኋላ 15ቱን መልሰን በዚያው መንገድ ስንለካ 2.1 ሆነ። አንድ አስረኛ ሊትር ነው፣ ከ90 ኪሎ ሜትር ውስጥ። ታንከር ስትሞላ የምትሳሳተውም ያን ያህል ሊሆን ይችላል።

ሙሉውን ጉዞ፣ ዳገቱንም ማሩንም ጨምሮ፣ ስንለካ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርሶ መልሱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ15 ጥርስ 4.1 ሊትር፣ በ17 ጥርስ 4.4። ምክንያቱ ያው ዳገቱ ነው። በ15 ጥርስ በሁለተኛ ሲወጣው ሞተሩ በአንድ ኪሎ ሜትር 10,200 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ17 ጥርስ ወደ አንደኛ ስለሚገደድ 13,200 ጊዜ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመውደቁ በፊት በሁለተኛ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ሲታገል ካርቡሬተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፣ መነሻ ላይም ፍሪሲዮኑን ረጅም ጊዜ ያንሸራትታል። ፍሪሲዮኑን ከፍቼ ሳየው ሽታው ተቃጥሏል፣ ሸራው ግን ገና ነበር። ሁለት ወር ቢቆይ ኖሮ እሱንም እንቀይር ነበር።

ሌላም ትንሽ ነገር ነበረች። የፊት ጥርሱን ሽፋን ስፈታው ውስጡ ተፋቅቶ አገኘሁት። 17 ጥርስ ሲሆን ክቡ ስለሚተልቅ ካቴናው ሽፋኑን ይነካ ነበር። "ጫጫ የሚል ድምፅ" ብሎ የነገረኝም ያ ነበር። የፊቱን ጥርስ የሚያሳድግ ሰው ሽፋኑን ከመግጠሙ በፊት ጎማውን በእጅ አዙሮ ቢያይ ደግ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው። ወደ 15 መመለስ ቀላሉ ነበር። እኔ ግን 14 እናድርግ አልኩት። አልወደደውም። "ጭራሽ ወደታች?" አለ። አስፋልቱ ላይ እንደምትዘገይበት ነው ያሰበው።

ያሳየሁት ይህን ነው። 38 ለ14 ሲካፈል 2.714 ነው። በሁለተኛ ማርሽ ጎማው ላይ 56 ኪሎ ግፊት ይደርሳል። ለ48ቱ ዳገት 8 ኪሎ ይተርፋል። በ15 ጥርስ የሚተርፈው 4 ብቻ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ከዘገየ ወይም ጠጠሩ ከረጠበ እንደገና ወደ አንደኛ ይወርዳል። በፍጥነት በኩል በአምስተኛ 8,000 ዙር ላይ 86 ነው፣ ግን ሞተሯ ከዚያ ትንሽ አልፋ መዞር ትችላለች። ገጥመን በዚያው ሜዳ ላይ ስንለካ በ8,400 ዙር 91 ገባች። በ17 ጥርስ በአምስተኛ 89 ነበር የገባችው። "የፍጥነት ጥርስ" የተባለው ከዳገት ጥርሱ በሁለት ኪሎ ሜትር አነሰ ማለት ነው። ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ክርክር የለም።

የ14 ጥርስ ዋጋም አለው፣ አልደበቅኩትም። በ60 ፍጥነት ሞተሩ 5,560 ዙር ይዞራል። ትጮኻለች፣ መያዣው ላይ ንዝረቱ ይሰማል፣ የአስፋልቱ ቤንዚን ወደ 2.2 ሊትር ወጣ። ካቴናው በትንሽ ክብ ላይ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል፣ ለዚህ ብዬ ከ14 በታች አልወርድም፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ካስፈለገ የኋላውን ጥርስ ማሳደግ ይሻላል። የፊቱ አንድ ጥርስ ከኋላው ሁለት ተኩል ጥርስ ጋር እኩል ይሆናል፣ ስለዚህ የኋላው ለጥቃቅን ማስተካከያም ይመቻል፣ ዋጋው ግን ከፊቱ ይበልጣል። አንድም ነገር አስጠነቀቅኩት፤ አንደኛ ማርሽ በጣም ስለሚገፋ፣ ማሩ ደግሞ ከኋላ ስለሆነ፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በድንገት ቢለቅ የፊቱ ጎማ ሊነሳ ይችላል። ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ወደ ራሱ አስጠግቶ እንዲያስር ማሰሪያውን አብረን አስተካከልን።

ሙሉው ጉዞ በ14 ጥርስ 4.0 ሊትር ሆነ። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ከፍሎ ዳገቱ ላይ መልሶ አገኘው።

ሌላ ጓደኛው አለ፣ እሱ ጭነት የለውም፣ ጅማ አጋሮ አስፋልት ብቻ ነው የሚመላለሰው። የአክስቴን ልጅ አይቶ "ለኔም 14 ግጠምልኝ" ብሎ መጣ። አልገጠምኩለትም። የሱን 15 እንደነበረች ተውኳት፣ ካቴናውን ብቻ አጥብቄ ዘይት ቀባሁለት።